ዜሮ ለዜሮ ሲካፈል፦ ቀዳዳ ወይስ ቋሚ አሲምፕቶት?



የዛሬው ርእሳችን ከአንደኛ ዓመት ካልኩለስ የተወሰደ ነው። ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት አምናለሁ፤ እኔም አውቀዋለሁ ብዬ አምን ነበር። ስለሆነም ንግግሬን የምጀምረው በራሴ ስህተት ነው።

ማስተማር በጀመርሁባቸው የመጀመሪያ ዓመታት ለተማሪዎቼ በሰጠሁት ፈተና ላይ የሚከተለው ፈንክሽን ይገኝ ነበር፤

g(x) = (x² − x − 6) / (x² − 6x + 9)

ጥያቄው «የዚህ ፈንክሽን ግራፍ x = 3 ላይ ያለው ቀዳዳ ነው ወይስ ቋሚ አሲምፕቶት?» የሚል ነበር። በክፍል ውስጥ ያስጻፍኋቸው ደንብ አጭርና ለማስታወስ የሚቀል ነበር፦ «ከመስመሩ በታች ያለው፣ ማለትም ታሕቱ፣ ብቻውን ዜሮ ከሆነ ቋሚ አሲምፕቶት አለ፤ ከመስመሩ በላይ ያለው ላዕልም አብሮ ዜሮ ከሆነ ቀዳዳ አለ።» በ x ቦታ 3ን ስናስገባ ላዕሉ 9 − 3 − 6 = 0 ይሆናል፤ ታሕቱም 9 − 18 + 9 = 0 ይሆናል። በደንቤ መሠረት መልሱ «ቀዳዳ» ነው። ለእርማት ያዘጋጀሁት የመልስ ወረቀትም ይህንኑ ይል ነበር።

ፈተናው ታርሞ ከተመለሰ በኋላ አንድ ተማሪ ወረቀቱን ይዞ ወደ ቢሮዬ መጣ። «ቋሚ አሲምፕቶት» ብሎ መልሶ፣ እኔ በቀይ ሰርዤበታለሁ። ለነጥብ ልመና የመጣ መስሎኝ ነበር። እርሱ ግን በትሕትና፣ «ይቅርታ መምህር፤ 3.01ን ሳስገባ 501 አገኛለሁ፤ 2.99ን ሳስገባ ደግሞ −499 አገኛለሁ። ግራፉ እዚያ ቀዳዳ ብቻ ካለው፣ ቀዳዳው በየትኛው ከፍታ ላይ ነው?» አለኝ። ወረቀቱን ተቀብዬ ራሴ አሰላሁት። ተማሪው ልክ ነበር። ስህተቱ የእኔ ነበረ፤ ያውም አንድ ጊዜ ሳይሆን ደንቡን ባስጻፍሁበት ዕለት፣ ጥያቄውን ባወጣሁበት ዕለትና ባረምሁበት ዕለት ሦስት ጊዜ የተደገመ ነው። «ቋሚ አሲምፕቶት» ብለው ለመለሱት ሁሉ ሙሉ ነጥባቸውን መለስሁ። የቀሩት ግን የተሳሳቱት እኔ ያስተማርኋቸውን በታማኝነት በመከተላቸው ስለነበር ጥያቄው እንዳይታሰብባቸው አደረግሁ። ከሁሉም በላይ የከበደኝ በቀጣዩ ክፍለ ጊዜ ገብቼ «ባለፈው ያስጻፍኋችሁን ደንብ ሰርዙት» ማለት ነበር።

ዛሬ የማስረዳችሁ ያ ደንብ ለምን ግማሽ እውነት እንደሆነና ሙሉው እውነት ላዕሉንና ታሕቱን ወደ ፋክተሮች በመተንተን እንዴት እንደሚገኝ ነው።

ሁለቱ ክስተቶች

የምንነጋገረው ስለ ራሽናል ፈንክሽኖች ነው። እነዚህ አንድን ፖሊኖሚያል ለሌላ ፖሊኖሚያል በማካፈል የሚገኙ ፈንክሽኖች ናቸው። በዜሮ ማካፈል ትርጉም ስለሌለው፣ ታሕቱን ዜሮ የሚያደርግ ማናቸውም ቁጥር ከፈንክሽኑ ዶሜን ውጭ ነው። እስከዚህ ድረስ ልዩነት የለም፤ ቀዳዳም ይሁን አሲምፕቶት፣ በዚያ ቁጥር ላይ ፈንክሽኑ ዋጋ የለውም።

ልዩነቱ ያለው በአካባቢው ነው። x ወደዚያ ቁጥር ከግራና ከቀኝ ሲጠጋ የፈንክሽኑ ዋጋ ወደ አንድ የተወሰነ ቁጥር የሚጠጋ ከሆነ፣ ግራፉ ከአንዲት ነጥብ በስተቀር የተያያዘ ነው። ያቺን የጎደለች ነጥብ ቀዳዳ እንላታለን። የፈንክሽኑ ዋጋ በመጠን ያለ ገደብ የሚያድግ ከሆነ ግን ግራፉ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይሸሻል፤ እየተጠጋው የሚሄደውን፣ ፈጽሞ ግን የማይነካውን ቀጥ ያለ መስመር ቋሚ አሲምፕቶት እንለዋለን።

እንግዲህ «0/0» የሚለው ጽሑፍ ራሱ መልስ አይደለም። የሚነግረን ሁለቱም ወገኖች ወደ ዜሮ እየሄዱ መሆናቸውን ብቻ ነው። ማን ፈጥኖ እንደሚደርስ አይነግረንም። ቁም ነገሩ ደግሞ ያለው በፍጥነቱ ላይ ነው።

በቀላሉ ምሳሌ እንጀምር

f(x) = (x² − x − 6) / (x² − 5x + 6)

ላዕሉ ከፈተናዬ ላዕል ጋር አንድ ነው፤ የተለወጠው ታሕቱ ብቻ ነው። ሁለቱን ወደ ፋክተሮች ስንተነትን የሚከተለውን እናገኛለን፤

f(x) = (x − 3)(x + 2) / ((x − 3)(x − 2))

ታሕቱን ዜሮ የሚያደርጉት 3 እና 2 ናቸው። በመሆኑም ምንም ነገር ከማጣፋታችን በፊት «x ≠ 3፣ x ≠ 2» ብለን በወረቀታችን ጥግ እንጽፋለን። ይህን ቅደም ተከተል አጥብቄ የምጠይቀው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ምክንያቱን ጥቂት ቆይቼ እገልጻለሁ። ከዚያ በኋላ የጋራ የሆነውን (x − 3) ስናጣፋ (x + 2)/(x − 2) ይቀራል።

አሁን በ 3 ላይ ታሕቱ 3 − 2 = 1 ነው፤ ዜሮ አይደለም። ላዕሉም 5 ነው። ስለዚህ x ወደ 3 ሲጠጋ ፈንክሽኑ ወደ 5 ይጠጋል። በቁጥር እንፈትነው፦ በ 2.99 ላይ ዋጋው 5.04 ገደማ ነው፤ በ 3.01 ላይ 4.96 ገደማ ነው። ከሁለቱም ወገን ወደ 5 እየመጣ ነው። በ (3, 5) ላይ ቀዳዳ አለ።

በ 2 ላይ ግን የተረፈው ታሕት ዜሮ ነው፤ ላዕሉ ደግሞ 4 ነው። በ 2.01 ላይ ዋጋው 401 ነው፤ በ 1.99 ላይ −399 ነው። ይበልጥ ብንጠጋ ይበልጥ ያድጋል፤ በ 2.001 ላይ 4001 ይደርሳል። ስለዚህ x = 2 ቋሚ አሲምፕቶት ነው።

ስናጣፋ የሚጠፋው ነገር

ቀደም ሲል «ከማጣፋታችን በፊት የተከለከሉትን ቁጥሮች እንጻፍ» ያልሁበትን ምክንያት አሁን እመለስበታለሁ። ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ጀምሮ 6/8ን ወደ 3/4 ስናቃልል ኖረናል። በዚያ ሥራ ምንም የምናጣው ነገር የለም፤ 6/8 እና 3/4 አንድ ቁጥር ናቸው። ምክንያቱም ያጣፋነው 2/2 ነው፤ እርሱም በማያሻማ ሁኔታ 1 ነው።

በፈንክሽን ግን ያጣፋነው (x − 3)/(x − 3) ነው። ይህም 1 የሚሆነው x ከ 3 ሲለይ ብቻ ነው፤ በ 3 ላይ ዋጋ የለውም። ስለዚህ (x + 2)/(x − 2) እና የመጀመሪያው f በሁሉም የጋራ ቦታ እኩል ቢሆኑም አንድ ፈንክሽን አይደሉም። የመጀመሪያው በ 3 ላይ ዋጋ የለውም፤ ሁለተኛው 5 ነው። ተማሪው አቃልሎ የመጨረሻውን መልክ ብቻ በንጹሕ ወረቀት ቢገለብጥ፣ ቀዳዳው ከወረቀቱ ይጠፋል፤ ከፈንክሽኑ ግን አልጠፋም። በእርማት ላይ በተደጋጋሚ የማየው ስህተት ይህ ነው፦ አሲምፕቶቱ በትክክል ተገኝቷል፣ ቀዳዳው ግን አልተጠቀሰም። ምልክቱም ግልጽ ነው፤ የተማሪው ዶሜን የተጻፈው ከማቃለሉ በኋላ ነው።

የፈተናዬ ጥያቄ

አሁን ወደዚያ ወደ ቀይ መስመሩ ወረቀት እንመለስ።

g(x) = (x − 3)(x + 2) / (x − 3)²

እዚህም (x − 3) በላዕልም በታሕትም አለ። እዚህም እናጣፋለን። ነገር ግን ላዕሉ ያለው አንድ ብቻ ሲሆን ታሕቱ ሁለት አለው። አንዱ ለአንዱ ሲጣፋ፣ በታሕቱ አንድ (x − 3) ይተርፋል፤

(x + 2) / (x − 3)

በ 3 አካባቢ ላዕሉ ወደ 5 ይሄዳል፤ ታሕቱ ወደ ዜሮ ይሄዳል። ግራፉ ይሸሻል። ተማሪዬ ያገኛቸው 501 እና −499 የመጡት ከዚህ ነው። የ f እና የ g ላዕል አንድ ዓይነት ነው፤ ሁለቱም በ 3 ላይ 0/0 ይሰጣሉ፤ አንደኛው ግን ቀዳዳ አለው፣ ሌላኛው አሲምፕቶት አለው። እንግዲህ 3ን አስገብቶ 0/0 ማግኘት ብቻውን ሁለቱን ሊለይ እንደማይችል ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

ይህን በዕለታዊ ንግግር ልግለጸው። (x − 3) ሲያንስ፣ ስኩዌሩ ከእርሱም ይበልጥ ያንሳል። (x − 3) አንድ መቶኛ ሲሆን፣ ስኩዌሩ አንድ ዐሥር ሺኛ ነው። ላዕሉ መቶ እጥፍ ሲያንስ ታሕቱ ዐሥር ሺህ እጥፍ አንሷል። ታሕቱ ወደ ዜሮ የሚያደርገው ጉዞ ስለፈጠነ ክፍፍሉ ያድጋል። በ f ላይ ግን ሁለቱ እኩል ይራመዳሉ፤ እኩል ስለተራመዱም ንጽጽራቸው በ 5 ላይ ይረጋል።

ሦስተኛም ዓይነት አለ። የፈተናዬን ፈንክሽን እንገልብጠው፤

h(x) = (x² − 6x + 9) / (x² − x − 6) = (x − 3)² / ((x − 3)(x + 2))

አሁን ብልጫው የላዕሉ ነው። ስናጣፋ (x − 3)/(x + 2) ይቀራል። በ 3 ላይ ይህ ዜሮ ነው። ስለዚህ ቀዳዳው በ (3, 0) ላይ፣ በራሱ በ x መስመር ላይ ይወድቃል። ብዙ ተማሪዎች እዚህ ላይ «ግራፉ የ x መስመርን በ 3 ላይ ያቋርጣል» ብለው ይጽፋሉ። አያቋርጥም፤ ሊያቋርጥበት የሚገባው ነጥብ ጎድሏል። መስመሩን ሊነካ የተቃረበ፣ ነጥቡ ግን የተነፈገ ግራፍ ነው።

ደንቡ በሙሉ መልኩ

ሦስቱን ምሳሌዎች አንድ ላይ ስናይ ደንቡ ራሱን ይገልጣል። a ታሕቱን ዜሮ የሚያደርግ ቁጥር ይሁን። ከላዕሉ ውስጥ (x − a)ን ማውጣት እስከተቻለ ድረስ እናውጣ፤ m ጊዜ ወጣ እንበል። ከታሕቱም እንዲሁ n ጊዜ ወጣ እንበል። የቀሩትን p(x) እና q(x) ብንላቸው፣ ሁለቱም በ a ላይ ዜሮ አይደሉም። ፈንክሽኑም ይህን መልክ ይይዛል፤

(x − a)^(m − n) · p(x)/q(x)

p(x)/q(x) በ a አካባቢ ዜሮ ወዳልሆነ የተወሰነ ቁጥር ስለሚሄድ፣ ዕጣውን የሚወስነው ከፊት ያለው አርቢ ብቻ ነው። m ከ n ጋር እኩል ከሆነ ቀዳዳ አለ፤ ከፍታውም p(a)/q(a) ነው። m ከ n ከበለጠም ቀዳዳ አለ፤ ከፍታው ግን ዜሮ ነው። m ከ n ካነሰ ቋሚ አሲምፕቶት አለ። m ዜሮ የሆነበት፣ ማለትም ላዕሉ በ a ላይ ዜሮ ያልሆነበት፣ የዚሁ የመጨረሻው ጉዳይ አንድ ክፍል ነው። የእኔ አሮጌ ደንብ የተሳሳተው m ዜሮ አለመሆኑን ብቻ ጠይቆ m እና nን ሳያወዳድር በመቅረቱ ነው።

ይህ ቆጠራ ተጨማሪ ፍሬ አለው። አሲምፕቶት ሲኖር፣ የብልጫው ቁጥር n − m ጎዶሎ ከሆነ ግራፉ በአንድ ወገን ወደ ላይ፣ በሌላው ወገን ወደ ታች ይሸሻል፤ በ g ላይ እንዳየነው። ብልጫው ተጋማሽ ቁጥር፣ ለምሳሌ 2 ወይም 4 ከሆነ፣ ሁለቱም ወገኖች ወደ አንድ አቅጣጫ ይሸሻሉ፤ የአንድ ቁጥር ስኩዌር ምልክቱን ስለሚያጣ ነው።

ፋክተሮቹ በቀላሉ ካልታዩ

እስካሁን ያየናቸው ባለሁለት አርቢ ስለሆኑ ዓይን ይበቃቸዋል። የሚከተለውን ግን እንመልከት፤

k(x) = (x³ − 3x + 2) / (x³ − x² − x + 1)

እዚህ አንድ የታወቀ እውነት ይረዳናል፦ አንድ ፖሊኖሚያል በ a ላይ ዜሮ ከሆነ (x − a) ያለ ቀሪ ያካፍለዋል። በታሕቱ 1ን ስናስገባ 1 − 1 − 1 + 1 = 0 ነው። በላዕሉም 1 − 3 + 2 = 0 ነው። ሁለቱንም ለ (x − 1) ስናካፍል የሚከተለው ይቀራል፤

(x² + x − 2) / (x² − 1)

ብዙዎች እዚህ ላይ «አንድ ጊዜ አጣፍቻለሁ» ብለው ያቆማሉ። ማቆም ግን የሚገባው 1ን እንደገና አስገብተን፣ ቢያንስ አንደኛው ወገን ዜሮ መሆኑን ሲተው ነው። አሁን 1ን ስናስገባ ላዕሉ 1 + 1 − 2 = 0፣ ታሕቱም 1 − 1 = 0 ነው። ገና 0/0 ነው። እንደገና ለ (x − 1) እናካፍል፤

(x + 2) / (x + 1)

አሁን በ 1 ላይ ላዕሉ 3፣ ታሕቱ 2 ነው። m = 2፣ n = 2 ሆኑ፤ እኩል ናቸው። በ (1, 1.5) ላይ ቀዳዳ አለ። ከታሕቱ የተረፈው (x + 1) ደግሞ በ −1 ላይ ዜሮ ነው፤ ላዕሉ በዚያ ላይ 1 ነው። ስለዚህ x = −1 ቋሚ አሲምፕቶት ነው።

ዜሮ የሚያደርገውን ቁጥር በግምት ማግኘት በማይቻልበት ጊዜስ? ለዚህ ኤውክሊድ «ኤለመንትስ» በተባለው ሥራው በ7ኛው መጽሐፍ ለሁለት ቁጥሮች ታላቁን የጋራ አካፋይ ለማግኘት ያስቀመጠው ዘዴ በፖሊኖሚያሎችም ላይ ይሠራል። ትልቁን ለትንሹ እናካፍላለን፤ ከዚያም አካፋዩን ለቀሪው እናካፍላለን፤ እንዲህ እያልን ቀሪው ዜሮ እስኪሆን እንቀጥላለን። ከዜሮው በፊት የነበረው ቀሪ የጋራው ፋክተር ነው። በ k ላይ ሥራው የሚያስገርም አጭር ነው፤ ላዕሉን ለታሕቱ ስናካፍል ድርሻው 1 ስለሆነ ቀሪው የሁለቱ ልዩነት ነው፤

(x³ − 3x + 2) − (x³ − x² − x + 1) = x² − 2x + 1 = (x − 1)²

ይህም ታሕቱን ያለ ቀሪ ያካፍላል። ስለዚህ የጋራው ፋክተር (x − 1)² ነው፤ የአንዱንም ፖሊኖሚያል ዜሮ ሳንፈልግ አገኘነው። ሁለቱንም ለዚህ ስናካፍል በቀጥታ (x + 2)/(x + 1) ላይ እንደርሳለን። ከዚህ በኋላ ደንቡ መቁጠር እንኳ አያስፈልገውም፦ የተረፈው ታሕት ዜሮ የሚሆንባቸው ቦታዎች ሁሉ አሲምፕቶቶች ናቸው፤ በመጀመሪያው ታሕት ኖረው በተረፈው ያጣናቸው ዜሮዎች ሁሉ ቀዳዳዎች ናቸው።

በፈተናዬ ጥያቄ ላይ ብትሞክሩት፣ የላዕሉና የታሕቱ ልዩነት 5x − 15፣ ማለትም 5(x − 3) ነው። የጋራው ፋክተር አንድ (x − 3) ብቻ ነው። ታሕቱን ለእርሱ ስናካፍል x − 3 ይተርፋል፤ በ 3 ላይም አሁንም ዜሮ ነው። አሲምፕቶት ነው። ያን ጊዜ ይህችን አንዲት መቀነስ ሠርቼ ቢሆን ኖሮ ተማሪዬ ቢሮዬ ድረስ መምጣት ባላስፈለገው።

ስክሪኑ የማያሳየው

ዛሬ ብዙዎቻችሁ «ግራፉን በሶፍትዌር አስሎ ማየት አይበቃም ወይ?» እንደምትሉ እገምታለሁ። ግራፍ የሚስል ሶፍትዌር በአብዛኛው የሚሠራው ብዙ ነጥቦችን አስልቶ በአጫጭር መስመሮች በማያያዝ ነው። ቀዳዳ የአንዲት ነጥብ ጉድለት ስለሆነ ስፋት የለውም። ከተሰሉት ነጥቦች መካከል 3 ከሌለበት መስመሩ ያለ ምንም ምልክት ያልፍበታል። አሲምፕቶትም ቢሆን አንዳንዴ ያታልላል፤ ከታች ያለውን የመጨረሻ ነጥብና ከላይ ያለውን የመጀመሪያ ነጥብ ሶፍትዌሩ ሲያያይዛቸው ቀጥ ያለ መስመር ይታያል። ተማሪው «አሲምፕቶቱን ሳለው» ይላል፤ የተሳለው ግን የግራፉ አካል ያልሆነ ስህተት ነው።

ከዚህም የከፋ ጉዳይ አለ። የ fን ታሕት በጥቂቱ እንለውጠው፤ 5ን 5.001፣ 6ን ደግሞ 6.002 እናድርገው፤

r(x) = (x² − x − 6) / (x² − 5.001x + 6.002) = (x − 3)(x + 2) / ((x − 3.001)(x − 2))

(x − 3) እና (x − 3.001) አይጣፉም። በመሆኑም በ 3 ላይ ቀዳዳ የለም፤ ፈንክሽኑ እዚያ ዜሮ ነው። በ 3.001 ላይ ደግሞ አሲምፕቶት አለ። ነገር ግን ትንሽ ርቀን በ 3.1 ላይ ብናይ f 4.64 ገደማ፣ r ደግሞ 4.68 ገደማ ነው። በስክሪን ላይ ሁለቱ ግራፎች ተደራርበው ይታያሉ። በ 3.00101 ላይ ግን r ከ 500 በላይ ሆኗል። ቀዳዳና አሲምፕቶት የሚለያዩት በኮፊሸንቶቹ ላይ ከሁለት ሺኛ ባልበለጠ ለውጥ ሊሆን እንደሚችል እዚህ እናያለን።

ከእናንተ መካከል ምህንድስና የምታጠኑ ይህን በቁጥጥር ሥርዓት ትምህርት ታገኙታላችሁ። የአንድ ሥርዓት ባሕርይ በራሽናል ፈንክሽን ሲገለጽ፣ የታሕቱ ዜሮዎች ሥርዓቱ ይረጋጋ እንደሆነ ይወስናሉ። የማይረጋጋ ባሕርይ የሚያመጣውን የታሕት ፋክተር፣ በመቆጣጠሪያው ላዕል ተመሳሳይ ፋክተር በማስገባት ለማጣፋት የሚፈተን ሰው አለ። በወረቀት ላይ ይጣፋል። በመሣሪያው ላይ ግን ኮፊሸንቶቹ የተለኩ ስለሆኑ 3 እና 3.001 እንጂ 3 እና 3 አይሆኑም። ያውም ልክ 3 እና 3 ቢሆኑ እንኳ፣ የጠፋው ከውጭ ከሚታየው ፈንክሽን ነው እንጂ ከሥርዓቱ ውስጥ አይደለም፤ ውስጡ ማደጉን ይቀጥላል። በማጣፋት የቀረ ነገር ሁሉ የለም ማለት እንዳልሆነ ቀዳዳው አስቀድሞ ነግሮናል።

ከዚህ የምንወስደው ገደብ ግልጽ ነው። ኮፊሸንቶቹ ልክ የታወቁ፣ ሙሉ ቁጥሮች ወይም ክፍልፋዮች ሲሆኑ፣ ፋክተር መተንተን የማያሻማ መልስ ይሰጣል። ኮፊሸንቶቹ ከልኬት የመጡ ሲሆኑ ግን «ቀዳዳ ነው» ከማለታችን በፊት ልኬቱ እስከ ስንተኛው ዐሥርዮሽ እንደሚታመን መጠየቅ አለብን።

ከተሳታፊዎች የቀረበ ጥያቄ

ከኋላ መቀመጫ አንዲት ተማሪ፣ «ዶክተር፣ sin x / x በዜሮ ላይ 0/0 ነው፤ ፋክተር ግን የለውም። ደንቡ እዚህ ይሠራል?» ብላ ጠይቃኛለች። ጥሩ ጥያቄ ነው። sin x ፖሊኖሚያል ስላልሆነ ዛሬ ባየነው መንገድ አንተነትነውም። ሐሳቡ ግን አይለወጥም። sin x በተከታታይ ድምር ሲጻፍ x − x³/6 + … ብሎ ይጀምራል፤ ስለዚህ ከውስጡ አንድ xን ማውጣት እንችላለን፤ የሚቀረውም በዜሮ ላይ 1 ነው። m = 1፣ n = 1፤ በ (0, 1) ላይ ቀዳዳ አለ። sin x / x² ቢሆን ግን m = 1፣ n = 2 ይሆናልና አሲምፕቶት ነው። የምንቆጥረው ያው አንድ ነገር ነው።

አንድ የሥራ ባልደረባዬም፣ «ታሕቱ x² + 1 ቢሆንስ?» ብለዋል። x² + 1 በማናቸውም እውን ቁጥር ላይ ዜሮ አይሆንም። ስለዚህ በእውን ቁጥሮች ግራፍ ላይ ከእርሱ የሚመጣ ቀዳዳም አሲምፕቶትም የለም። ፍለጋችን ሁልጊዜ የሚጀምረው ከታሕቱ እውን ዜሮዎች ነው፤ እነርሱ ከሌሉ ጥያቄውም የለም።

ያ ተማሪ ያን ዕለት ከቢሮዬ ሲወጣ የተሰረዘበትን ነጥብ አገኘ። እኔ ያገኘሁት ግን ከዚያ ይበልጣል፤ ከዚያ ወዲህ «0/0» የሚል መልስ ባየሁ ቁጥር «ስንት ለስንት?» ብዬ እጠይቃለሁ። ነገ ክፍል ስትገቡ እናንተም ይህን ጥያቄ ጠይቁ፤ የሚያስተምራችሁ ሰው ካልጠየቀም፣ ወረቀታችሁን ይዛችሁ ቢሮው ሂዱ።